ሜዳ ስንት ነጥብ ያወጣል? የአንድ ቀን እረፍትስ?

እ.ኤ.አ ዲሴምበር 29 ቀን 2019 እሁድ ዕለት ዎልቭስ አንፊልድ ላይ ሊቨርፑልን ሲገጥም የተጨዋቾቹ እግር ገና አላረፈም ነበር። ቡድኑ ማንቸስተር ሲቲን ሞሊኒው ላይ አስተናግዶ 3ለ2 ያሸነፈው አርብ ምሽት ነው። ከዚያ ጨዋታ መጀመሪያ ፊሽካ እስከ አንፊልዱ ፊሽካ ያለው ጊዜ 45 ሰዓት አይሞላም። ሊቨርፑል በአንፃሩ ሌስተርን 4ለ0 የረታው ሐሙስ ዕለት በመሆኑ አንድ ቀን ተጨማሪ እረፍት አግኝቷል። ጨዋታው በሳዲዮ ማኔ ብቸኛ ጎል 1ለ0 ተጠናቀቀ። ብዙዎችም «ዎልቭስን ያሸነፈው ሊቨርፑል ሳይሆን የጨዋታ ፕሮግራሙ ነው» አሉ።

ነገር ግን በዚያው እሁድ ሌላ ጨዋታም ነበር። አርብ ምሽት በዎልቭስ የተረታው ማንቸስተር ሲቲ ኢትሃድ ላይ ሼፊልድ ዩናይትድን አስተናግዷል። ሲቲም ያረፈው እንደ ዎልቭስ ሁለት ቀን ብቻ ነው። እንዲያውም ግብ ጠባቂው ኤደርሰን በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ስለወጣበት አርብ ዕለት አብዛኛውን ጊዜ በ10 ሰው ሲሮጥ ነው ያመሸው። ሼፊልድ ዩናይትድ ደግሞ የተጫወተው ሐሙስ ነበር። ሲቲ ግን 2ለ0 አሸነፈ። ታዲያ ድካም ዎልቭስን ብቻ መርጦ ነው እንዴ የሚይዘው?

እውነቱን ለመናገር ከሁለቱ ውጤቶች ስለ እረፍት የሚታወቅ ነገር የለም። ሊቨርፑል በዚያ የውድድር ዘመን በሜዳው ዎልቭስን ማሸነፉ እረፍት ኖረም አልኖረም የሚጠበቅ ነበር። ሲቲም ሼፊልድን ማሸነፉ እንዲሁ። መጠየቅ ያለበት «ማን አሸነፈ?» ሳይሆን «ከሚጠበቀው በላይ ነው ወይስ በታች?» የሚለው ነው። የሚጠበቀውን ለማወቅ ደግሞ ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል። አንደኛው የሁለቱ ቡድኖች የአቅም ልዩነት ሲሆን ሁለተኛው የሜዳ ጥቅም ነው። እረፍት የሚመጣው ከነዚህ በኋላ ነው።

የቼስ ሰው ለኳስ

ለዚህ ሥራ በስፋት የሚታወቀው መንገድ የኢሎ ደረጃ አሰጣጥ ነው። ስሙን ያገኘው ለቼስ ተጫዋቾች ካዘጋጀው የሃንጋሪ ተወላጅ አሜሪካዊ የፊዚክስ ምሁር አርፓድ ኢሎ ነው። አሠራሩ አያስቸግርም። እያንዳንዱ ቡድን ነጥብ አለው። ከጨዋታው በፊት የሁለቱ ነጥብ ልዩነት ይታይና ከጨዋታው ምን ያህል እንደሚጠበቅ ይሰላል። ማሸነፍ 1፣ አቻ ግማሽ፣ መሸነፍ ዜሮ ነው። ልዩነቱ D ከሆነ የሚጠበቀው ውጤት የሚከተለው ነው፦

```
1 / (1 + 10^(-D/400))
```

ለምሳሌ አንዱ ቡድን በ200 ነጥብ ቢበልጥ የሚጠበቅለት 0.76 ይሆናል። ከጨዋታው በኋላ የተገኘው ከተጠበቀው ጋር ይነፃፀራል። በልጦ የተገኘ ቡድን ከተጋጣሚው ነጥብ ይወስዳል፤ ያነሰው ይሰጣል። ደካማው ኃያሉን ሲጥል ብዙ ይወስዳል፣ ኃያሉ ደካማውን ሲያሸንፍ ግን የሚያገኘው ሽርፍራፊ ነው።

የሜዳ ጥቅም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ስሌቱ ሲሠራ ለባለሜዳው ጥቂት ነጥብ በውሰት ይሰጠዋል። ጨዋታው ሲያልቅ ውሰቱ ይመለሳል። ጥያቄው «ስንት?» የሚለው ነው። የፊፋ የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች ደረጃ እ.ኤ.አ በ2003 ሥራ ላይ ሲውል ለባለሜዳው 100 ነጥብ እንዲጨመር ተደርጓል። ከኦገስት 2018 ጀምሮ የሚሠራበት የወንዶቹ ቀመር ደግሞ ምንም አይጨምርም። አንዱ ድርጅት፣ ሁለት መልስ ማለት ነው።

ከውጤት ሰንጠረዥ ወደ ነጥብ

ለፕሪሚየር ሊግ መልሱን ማንም ሰው በካልኩሌተር ሊያገኘው ይችላል። በሊጉ እያንዳንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ጊዜ በሜዳው፣ አንድ ጊዜ ከሜዳው ውጪ ይጫወታል። ስለዚህ 380ዎቹ ጨዋታዎች በአንድነት ሲታዩ የአቅም ልዩነቱ ይጣፋል፤ ባለሜዳዎቹም እንግዶቹም ያው 20ዎቹ ክለቦች ናቸውና። የሚተርፈው የሜዳ ጥቅም ነው።

የ2018/19ን የውድድር ዘመን እንውሰድ። ባለሜዳዎች 181 ጊዜ አሸንፈዋል፣ 71 ጨዋታ በአቻ ተጠናቋል፣ እንግዶች 128 ጊዜ አሸንፈዋል። 181 ላይ የአቻዎቹ ግማሽ 35.5 ሲደመር 216.5 ይሆናል። ለ380 ሲካፈል 0.57 ነው። ከላይ ያለውን ቀመር ወደኋላ ብንሠራው 0.57 የሚሰጠው ልዩነት 49 ነጥብ ገደማ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በዚያ ዓመት አንድ ሜዳ ያወጣው 49 ነጥብ ነው። (በሊጉ የክለቦች አቅም እጅግ የተራራቀ ስለሆነ ይህ አቋራጭ ስሌት ትክክለኛውን ቁጥር በትንሹ ዝቅ ያደርገዋል። ለአሁኑ ጉዳይ ግን ይበቃል።)

በ2009/10 ባለሜዳዎች 193 ጊዜ አሸንፈው፣ 96 ጨዋታ አቻ ሆኖ፣ እንግዶች ያሸነፉት 91 ጊዜ ብቻ ነበር። ይህ ሲሰላ ወደ 96 ነጥብ ይመጣል። በ2021/22 ደግሞ 163፣ 88 እና 129 ሆኖ ወደ 31 ወረደ። በዓመቱ በ2022/23 184፣ 87 እና 109 ሆኖ ወደ 70 ወጣ።

ይህን ያየ ሰው «በአንድ ዓመት ውስጥ የሜዳ ጥቅም ከእጥፍ በላይ አደገ» ብሎ ርዕስ ሊያወጣ ይችላል። አይቸኩል። የ380 ጨዋታዎች ውጤት በራሱ በዕድል ከፍ ዝቅ ይላል። የአንድ የውድድር ዘመን ግምት ወደላይም ወደታችም 32 ነጥብ ያህል ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ 31፣ 49 እና 70 ሦስት የተለያዩ እውነቶች ላይሆኑ ይችላሉ፤ በ50 አካባቢ ያለ አንድ እውነት ሦስት ጊዜ ተለክቶ ሊሆን ይችላል። ጠንቃቃ ሰው በየዓመቱ ቁጥሩን አይለዋውጥም። የበርካታ ዓመታትን አማካይ ይወስድና የቅርቦቹን ዓመታት ክብደት ትንሽ ከፍ ያደርጋል። በ2009/10 የታየው 96 ግን ከአሁኑ ርቆ ይገኛል። በሌሎች ሊጎችም እንደታየው ባለሜዳ መሆን ከበፊቱ ያነሰ ዋጋ እያወጣ መጥቷል።

«የኛ ሜዳ ልዩ ነው» ለሚሉ

እያንዳንዱ ደጋፊ የክለቡ ሜዳ ከሌላው እንደሚከብድ ያምናል። ታዲያ ለምን ለእያንዳንዱ ክለብ የራሱ የሜዳ ነጥብ አይሰጠውም? ፉልሃም ለዚህ ጥሩ መልስ ነው። በ2005/06 ቡድኑ ክሬቨን ኮቴጅ ላይ 13 ጊዜ አሸንፎ፣ 2 አቻ ወጥቶ፣ 4 ጊዜ ተሸንፏል። ከሜዳው ውጪ ግን ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ 4 አቻ፣ 14 ሽንፈት። ከ48 ነጥቡ 41ዱን የለቀመው ቤቱ ውስጥ ነው። በኢሎ ሲሰላ የፉልሃም ሜዳ 235 ነጥብ አወጣ ማለት ነው!

በቀጣዩ ዓመት ይህን ቁጥር አምኖ የተነሳ ሰው ጉድ ሆኗል። በ2006/07 ፉልሃም በሜዳው 7 አሸንፎ፣ 7 አቻ ወጥቶ፣ 5 ተሸንፏል። ውጪ አሁንም ያሸነፈው አንዱን ብቻ ቢሆንም 8 ጊዜ አቻ ወጥቷል። ስሌቱ ወደ 108 ወረደ። ሜዳው ያው ነው፣ ደጋፊው ያው ነው፣ ቁጥሩ ግን ከግማሽ በታች ሆነ።

ምክንያቱ ግልፅ ነው። አንድ ክለብ በዓመት በሜዳው የሚጫወተው 19 ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ ቁጥር የሚገኝ ግምት 100 ነጥብና ከዚያም በላይ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ መፍትሄው የክለቡን ቁጥር ወደ ሊጉ አማካይ መጎተት ነው። ፉልሃም 235 ቢያሳይም ሊሰጠው የሚገባው ከሊጉ አማካይ ጥቂት ከፍ ያለ ነጥብ ነው። ለብዙ ዓመታት በተከታታይ ከፍ ብሎ ከታየ ብቻ ነው «ይህ ሜዳ በርግጥም ይከብዳል» የሚባለው።

ደጋፊ ሲጠፋ

የሜዳ ጥቅም ከምን እንደሚመጣ ለማየት ከ2020/21 የተሻለ ዓመት የለም። በኮሮና ምክንያት ጨዋታዎቹ ከሞላ ጎደል በባዶ ስታዲየም ተካሄዱ። ውጤቱም በእንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ሆነ፤ እንግዶች 153 ጊዜ ሲያሸንፉ ባለሜዳዎች ያሸነፉት 144 ጊዜ ነው። 83ቱ አቻ ነበሩ። ሲሰላ የሜዳ ጥቅም ከዜሮ በታች 8 ሆነ። በሜዳው 68 የሊግ ጨዋታዎችን ሳይሸነፍ የቆየው ሊቨርፑል በጃንዋሪ 2021 በበርንሌይ ተረታና ያንን ጨምሮ አንፊልድ ላይ በተከታታይ ስድስት ጊዜ ተሸነፈ።

ከዜሮ በታች 8 ማለት ባለሜዳ መሆን ጎጂ ነው ማለት አይደለም። የ32 ነጥቡን የስህተት ወሰን ስናስታውስ እውነተኛው ቁጥር ዜሮም፣ 20ም ሊሆን ይችላል። ከ49 ወደዚህ መውረዱ ግን የዕድል ጨዋታ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። ሜዳው፣ ሣሩ፣ የእንግዶቹ ጉዞ እንዳለ ነበር። የጎደለው ሕዝቡ ነው። በተለያዩ ሊጎች የተደረጉ ጥናቶችም ስታዲየሙ ባዶ ሲሆን ዳኞች ለእንግዳው ቡድን የሚያሳዩት ቢጫ ካርድ መቀነሱን አሳይተዋል። የጩኸቱ ግማሽ ጆሮ የዳኛው ነው ማለት ነው።

ያም ሆኖ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያ የውድድር ዘመን የተጀመረው ሴፕቴምበር 12 ሲሆን ከመደበኛው አንድ ወር ዘግይቶ ነው። ያው 38 ጨዋታ በጠበበ ጊዜ ውስጥ ታጨቀ። ሊቨርፑልም ቫን ዳይክን፣ ጎሜዝንና ማቲፕን በጉዳት አጥቶ ነበር። ደጋፊ የጠፋበት ዓመት እረፍት የጠፋበትም ዓመት ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ የማይለካ ሰው የአንዱን ጥፋት ለሌላው ይሰጣል።

እረፍትን መለካት

እረፍትን ለመለካት ብዙዎች የሚጀምሩት ከተሳሳተ ቦታ ነው። በሦስት ቀን እረፍት የተጫወቱ ቡድኖችን ሰብስበው ምን ያህል እንዳሸነፉ ይቆጥራሉ። ከዚያ የሚያገኙት ያስደነግጣቸዋል፤ ብዙም ያላረፉት ይበልጥ ሲያሸንፉ ይታያሉ! ነገሩ ወዲህ ነው። ከታህሳሱ ጥድፊያ ውጪ በሳምንት ሁለቴ የሚጫወቱት በአውሮፓ መድረክ ያሉት ናቸው። እነሱ ደግሞ ከመነሻውም ጠንካሮች ናቸው። ቆጠራው የለካው ድካምን ሳይሆን አቅምን ነው።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ጨዋታ በዚያን ዕለት ከነበረው ደረጃና ከሜዳ ጥቅሙ የሚጠበቀው ውጤት ይሰላል። ከተገኘው ላይ የተጠበቀው ይቀነሳል። የሚተርፈው ትርፍ ወይም ጉድለት ነው። ከዚያ ጨዋታዎቹ በሁለቱ ቡድኖች የእረፍት ልዩነት ይመደባሉ፤ አንድ ቀን የበለጠ ያረፈ፣ ሁለት ቀን የበለጠ ያረፈ እየተባለ። ብዙ ያረፉት በአማካይ ትርፍ ካሳዩ የእረፍት ዋጋ ያ ነው።

ቀን አቆጣጠሩም ወጥመድ አለበት። የሊግ ጨዋታዎችን ብቻ መቁጠር ስህተት ነው፤ የካፑም የአውሮፓውም ይቆጠራል። በአምስት ቀንና በስድስት ቀን መካከል ልዩነት አይጠበቅምና ቆጠራው ከአንድ ሳምንት በታች በሆነ ጣሪያ ላይ መቆም አለበት። በብሔራዊ ቡድን ሳምንታት ያለው 14 ቀንም እረፍት አይደለም፤ የክለቡ ኮከቦች ሌላ አህጉር ሄደው እየተጫወቱ ነውና።

የዲሴምበር 26ቱ የሌስተርና የሊቨርፑል ጨዋታ ቀን ብቻ መቁጠር የማያሳየውን ያሳያል። ሁለቱም የመጨረሻ ጨዋታቸውን ያደረጉት ዲሴምበር 21 ነው። የእረፍት ልዩነታቸው ዜሮ። ግን ሌስተር የመጣው ከማንቸስተር ሲሆን ሊቨርፑል የመጣው ከኳታር ነው፤ ያውም ከፍላሚንጎ ጋር በዓለም ክለቦች ዋንጫ ፍፃሜ 120 ደቂቃ ተጫውቶ። ቀን ቆጣሪው ሁለቱን እኩል ያያቸዋል። በተግባር ደግሞ ደከመ የተባለው 4ለ0 አሸነፈ።

ድካሙ የት ገባ?

እዚህ ላይ ስለ ሰውነት የሚታወቀውን ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ በ2010 የታተመ የግሪጎሪ ዱፖንና ባልደረቦቹ ጥናት በሻምፒዮንስ ሊግ የሚሳተፍ አንድ ክለብ ተጨዋቾችን ተከታትሎ ነበር። በሳምንት ሁለቴ ሲጫወቱ የሚሮጡት ርቀትና የሚያስወነጭፉት ፍጥነት እምብዛም አልቀነሰም። ጉዳቱ ግን በ1000 ሰዓት 4.1 የነበረው ወደ 25.6 አሻቀበ። ስለዚህ የእረፍት ማጣት ዕዳ የሚከፈለው በነገው ጨዋታ ውጤት ብቻ ሳይሆን በሚቀጥለው ወር የጉዳት ዝርዝር ላይ ጭምር ነው።

አሰልጣኙም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። የደከመውን ያሳርፋል፣ ተቀያሪውን ያስገባል፣ አጨዋወቱን ያቀዘቅዛል። ስለዚህ በውጤት ላይ የሚታየው የእግር ድካም ራሱ ሳይሆን አሰልጣኙ ካስታገሰው በኋላ የቀረው ነው። ሰፊ ስብስብ ላለው ክለብ የሚቀረው ትንሽ ነው። ሊቨርፑል በ2021/22 በሁሉም ውድድሮች 63 ጨዋታ አድርጎ 92 የሊግ ነጥብ የሰበሰበው በዚህ ነው። በሌላ በኩል አንድ ቡድን ወሩን ሙሉ ሲደክም ከቆየ ደረጃው ራሱ አብሮ ይወርዳል። ያን ጊዜ ድካሙ በደረጃው ውስጥ ተደብቆ ስለሚገባ የእረፍት ዋጋ ከእውነቱ ያነሰ መስሎ ይታያል።

አንፊልድን እንደገና ስንሠራው

አሁን የዲሴምበር 29ኙን ጨዋታ በቁጥር እንየው። ለአሠራሩ ያህል ሊቨርፑል በ200 ነጥብ ይበልጣል እንበል። ሜዳ 50 ይጨመር። የአንድ ቀን እረፍት ደግሞ 10 ነጥብ ነው ብለን እናስብ። ሜዳም እረፍትም ባይኖር ለሊቨርፑል የሚጠበቀው 0.76 ነበር። ሜዳው ሲገባ 0.81 ይሆናል። እረፍቱ ሲታከል 0.817 ይደርሳል። ሜዳው አምስት በመቶ ሲጨምር ያ ሁሉ ወሬ የተወራለት እረፍት ግን አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም።

በአንድ ጨዋታ 20 ነጥብ በሚያስይዝ አሠራር ሊቨርፑል በማሸነፉ ያለ እረፍት ስሌት 3.8 ነጥብ ያገኝ ነበር። እረፍት ሲቆጠር 3.7 ገደማ ያገኛል። ለዎልቭስ ሽንፈት ይቅርታ የተደረገለት ይህችው ናት። ዎልቭስ በድካም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጨዋታ ግን ይህን ሊናገር አይችልም።

ታዲያ 10 ይሁን 0 ወይስ 20 እንዴት ይታወቃል? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። 10 ነጥብ እኩል አቅም ባላቸው ቡድኖች መካከል አንድ ተኩል በመቶ ያህል ነው። የአንድ ጨዋታ ውጤት ደግሞ ከሚጠበቀው በአማካይ 40 በመቶ ያህል ይርቃል። ይህን ትንሽ ድምፅ ከዚያ ጫጫታ ለመለየት የአንድ ቀን የእረፍት ልዩነት ያለባቸው ከ3000 በላይ ጨዋታዎች ያስፈልጋሉ። ሁሉም ጨዋታ እንዲህ ቢሆን እንኳ ስምንት ሙሉ የውድድር ዘመን ነው። አብዛኛው ጨዋታ ግን እኩል ያረፉ ቡድኖች የሚገናኙበት ነው። ስለዚህ ከአንድ ሊግ ሦስት ዓመት ወስዶ «እረፍት 25 ነጥብ ያወጣል» ወይም «ምንም አያወጣም» የሚል ሰው ሁለቱንም ያለ በቂ ማስረጃ ነው የሚናገረው።

ስህተቱ በምን ይታወቃል?

ለሜዳ ጥቅም ምርመራው ቀላል ነው። የባለሜዳዎች ትርፍና ጉድለት በዓመቱ መጨረሻ ሲደመር ወደ ዜሮ መቅረብ አለበት። ባለሜዳዎች ዘወትር በትርፍ ከተገኙ የተሰጣቸው ነጥብ አንሷል፤ በጉድለት ከተገኙ በዝቷል። ለፕሪሚየር ሊግ ዛሬ 100 የሚሰጥ ሰው ይህን በፍጥነት ያየዋል፤ በሜዳቸው ተከታታይ ጨዋታ ያላቸው ቡድኖች ሁሉ ሳይበድሉ ደረጃቸው ሲወርድ፣ ውጪ የሰነበቱት ደግሞ ሲወጣ ይታያል። ለእረፍት ምርመራው ሌላ ነው። ዋጋው ከቆዩ ዓመታት ይገመትና ባልታዩት በቀጣዮቹ ዓመታት ይሞከራል። ግምቱን ካላሻሻለ ቢወጣ ይሻላል።

የእኛን ሊግ በዚህ መንገድ ለመለካት ለሚነሳ ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሜዳው የማን ነው?» የሚለው ነው። በ2013 ዓ.ም ፕሪሚየር ሊጉ በአዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተዘዋወረ ሲካሄድ በፕሮግራሙ ላይ «ባለሜዳ» ተብሎ የተፃፈው ክለብ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተጋጣሚው ሆቴል ያደረ እንግዳ ነበር። ዋልያዎቹም በጁን 2022 ግብፅን 2ለ0 ሲያሸንፉ ባለሜዳ ተብለው የተጫወቱት ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ውስጥ ነው። ወረቀቱን አምኖ ለእንዲህ ያለው ጨዋታ 50 ነጥብ የሚጨምር ስሌት ለድሉ የሚገባውን ዋጋ ይቀንስበታል። እዚያ መጨመር ያለበት ዜሮ ነው።